አራት ለማግኘት አሥራ ስድስት መክፈል፦ የሌንስ ቀዳዳ ጉድ

አንድ ወፈር ያለ ወረቀት ፈልጉና በመርፌ ጫፍ ብሱት። ከዚያ ይህን ጽሑፍ ፊደሉ ተደበላልቆ ማንበብ እስኪያቅታችሁ ድረስ፣ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ብቻ እስኪቀረው፣ ወደ ዓይናችሁ አስጠጉት። ብዥ አለ አይደል? እንግዲህ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና በዚያች ቀዳዳ አጮልቃችሁ እዩት። ጉድ በሉ! ፊደሉ ተመልሶ ጥርት ይላል። መነጽር አላደረጋችሁም፣ ወረቀቱንም አላራቃችሁም፤ የተለወጠው ብርሃኑ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ብቻ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ፊደሉ ሲጠራ ገጹ ጨልሟል።

ጥራት መጣ፣ ብርሃን ሄደ። ይህን ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ በግምት ያውቀዋል። እኔን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ እንድለፈልፍ ያደረገኝ፣ የዋጋው ነገር ነው። ይህን ያህል ጥራት ለማግኘት ይህን ያህል ብርሃን ይከፈላል የሚል ቁርጥ ያለ ሒሳብ አለ! ሒሳቡም ከማንም አልተደበቀም፤ ሌንሱ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይታያል።

በእጅ የሚዞር ቀለበት ያለው አሮጌ ሌንስ ብታገኙ እነዚህን ቁጥሮች ታነባላችሁ፦ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22። ሲያዩዋቸው ያለ ወጉ የተደረደሩ ይመስላሉ። ከ4 ቀጥሎ 5.6 ምን አመጣው? ከ8 ቀጥሎስ ለምን 11? አሁን አንድ እየዘለላችሁ አንብቧቸው፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16። የቀሩትንም እንዲሁ፦ 1.4፣ 2.8፣ 5.6፣ 11፣ 22። በየተራ የተሰኩ ሁለት ሰልፎች ናቸው፤ ሁለቱም እጥፍ እጥፍ እያሉ ይሄዳሉ። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው የሚያደርሰው ብዜት 1.4 ገደማ ነው፤ ይኸውም በራሱ ሲባዛ 2 የሚሆነው ቁጥር ነው። የቀዳዳው አግድመት ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ስፋቱ በትክክል ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ቀለበቱን አንድ እርምጃ ባዞራችሁ ቁጥር፣ ፎቶ አንሺዎች «አንድ ስቶፕ» የሚሉት ይህ ነው፣ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። አንድም የዘፈቀደ ቁጥር የለበትም!

የኤፍ ቁጥር የሚባለው ይህ ቁጥር ራሱ ምንድን ነው? የማካፈል ውጤት ነው። የሌንሱ የፎከስ ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ከሆነና ቀለበቱ 2 ላይ ከቆመ፣ የቀዳዳው አግድመት 50 ለ2፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ነው። 8 ላይ ሲቆም 50 ለ8፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ከሩብ ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው የሚጠበው ለዚህ ነው፤ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው ተቃርኖ ምንጩ ይኸው ነው። ቁጥሩ ለ50 አካፋይ ስለሆነ እንጂ ቀዳዳውን ስለሚለካ አይደለም።

ታዲያ ለምን ቀጥታ በሚሊ ሜትር አይጽፉትም? እዚህ ላይ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት! 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅም ሌንስ ውሰዱ። ኤፍ 2 እንዲሆን የቀዳዳው አግድመት 100 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ አግድመቱ ከአጭሩ ሌንስ አራት እጥፍ፣ በስፋቱ ስንለካው አሥራ ስድስት እጥፍ ብርሃን የሚያስገባ ማለት ነው። ነገር ግን ረጅሙ ሌንስ እያንዳንዱን ነገር አራት እጥፍ አስረዝሞ፣ አራት እጥፍ አስፍቶ ስለሚያሳየው፣ የገባው ብርሃን በአሥራ ስድስት እጥፍ ቦታ ላይ ይበተናል። አሥራ ስድስት አገኘ፣ አሥራ ስድስት በተነ፤ እኩል ወጣ። በዚህ የተነሳ ኤፍ 2 በየትኛውም ሌንስ ላይ ለፊልሙ ወይም ለሴንሰሩ ያንኑ ያህል ብርሃን ያደርሳል። አንድ ፎቶ አንሺ ሌንስ ቢቀይርም «ኤፍ 8» ካለ ብርሃኑ አይለወጥበትም። ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው እንዲህ ተጣፍተው አንድ ቁጥር ብቻ ሲተው ማየት እንዴት አያስደስት!

አሁን ወደ መርፌዋ ቀዳዳ ምስጢር እንግባ። አንዲት የብርሃን ነጥብ አስቡ፤ በሩቅ ያለች የመብራት አምፖል ትሁን። ከእርሷ የሚነሳው ብርሃን በሌንሱ ቀዳዳ ሙሉ ይገባና ከኋላ ወደ አንዲት ነጥብ ይሰበሰባል። ይህ የሚሰበሰብ ብርሃን በጎኑ እንደተጋደመ የጎጆ ጣሪያ ነው፤ ሰፊው አፉ የሌንሱ ቀዳዳ፣ ሹሉ ጫፍ የፎከሱ ነጥብ። ሴንሰሩ ልክ ጫፉ ላይ ካረፈ አምፖሏ ነጥብ ሆና ትታያለች። ሴንሰሩ ከጫፉ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ካረፈ ግን ጣሪያውን ከመሃል ይቆርጠዋል፤ ነጥብ መሆን የነበረባት አምፖል ክብ ሆና ትወጣለች። ብዥታ የምንለው የነዚህ ክቦች መደራረብ ነው። እንግዲህ የጣሪያውን አፍ በግማሽ ብታጠቡት፣ ያው ቦታ ላይ የተቆረጠው ክብም በግማሽ ይጠባል። ክቡ ዓይን ነጥብ ነው ብሎ እስኪቀበለው ድረስ ካነሰ፣ ያ ነገር ፎከስ ላይ ባይሆንም ጥርት ያለ ሆኖ ይታያል። ፎቶ አንሺዎች ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚሉት፣ ከፊትና ከኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት፣ ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም።

እንግዲህ ዋጋውን ተመልከቱ! የብዥታው ክብ የሚከተለው የቀዳዳውን አግድመት ነው። ብርሃኑ የሚከተለው ግን የቀዳዳውን ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ አግድመት በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ከኤፍ 2 ወደ ኤፍ 8 ብትሄዱ ብዥታው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ብርሃኑ ግን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ! አራት ለማግኘት አሥራ ስድስት ትከፍላላችሁ። ሁለት ለማግኘት አራት፣ ስምንት ለማግኘት ስልሳ አራት። ጥልቀት ሁልጊዜ ከሚመስለው በላይ ውድ ነው፤ ውድነቱም እንዲህ በልክ ይታወቃል።

ቤት ውስጥ እንሞክረው። የቡና ሥርዓት ላይ ናችሁ፤ አመሻሽ ነው፣ ብርሃኑ ከአንድ አምፖል ይመጣል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የድሮውን ፊልም የሚያክል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ያለው ካሜራ ይዛችኋል። ጀበናዋን የያዘችው ልጅ ከእናንተ ሁለት ሜትር ላይ ናት። ረከቦቱ ከፊቷ፣ 1 ሜትር ከ80 ላይ። አያት ከኋላዋ በርጩማ ላይ፣ 2 ሜትር ከ40 ላይ ተቀምጠዋል። ፎከሱን ልጅቱ ላይ አድርጋችሁ በኤፍ 2፣ በ1/60 ሰከንድ፣ በአይኤስኦ 400 ብታነሱ ብርሃኑ ልክ ይሆናል። ጥርት የሚለው ግን ከ1 ሜትር ከ91 እስከ 2 ሜትር ከ10 ያለው፣ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልጅቱ ትጠራለች፤ ሲኒዎቹ ይፈዝዛሉ፣ አያትም ደብዘዝ ብለው ከኋላ ይቀራሉ።

ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 አጥብቡት። አሁን ከ1 ሜትር ከ68 እስከ 2 ሜትር ከ46፣ ሰባ ስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጠራል። አሥራ ዘጠኝ የነበረው ሰባ ስምንት ሆነ፤ አራት እጥፍ፣ ልክ እንደ ተባለው! ሲኒዎቹም አያትም ገቡ። ሒሳቡ ግን መጣ፤ ብርሃኑ አሥራ ስድስት ጊዜ አንሷል። በጊዜ ከከፈላችሁት 1/60 የነበረው ወደ ሩብ ሰከንድ ይረዝማል፤ በሩብ ሰከንድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልጅቱም ጀበናውን ታዘነብላለች። በአይኤስኦ ከከፈላችሁት 400 የነበረው 6400 ይሆናል፤ በጥላው ውስጥ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል፣ የጥበቡ ጥልፍም ይሟሟል። ብዥታን ሸሽታችሁ ወደ ሌላ ብዥታ ትገባላችሁ።

እዚህ ላይ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ስሙ። አያትን «እማማ፣ በርጩማዎን ትንሽ ወደዚህ ያቅርቡልኝ» ይላቸዋል። 2 ሜትር ከ25 ላይ ሲቀመጡ ኤፍ 5.6 ይበቃል፤ ጥርት የሚለው ከ1 ሜትር ከ77 እስከ 2 ሜትር ከ30 ነውና ረከቦቱም እማማም ጠርዙ ላይ ይገባሉ። ከኤፍ 2 የሚለየው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው። ስምንት አራት ጊዜ ሁለት ነውና አራቱን አይኤስኦ 1600 ይከፍላል፣ ሁለቱን 1/30 ሰከንድ ይከፍላል፤ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያነሳል። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የበርጩማ ጉዞ ግማሹን ወጪ አስቀረ! ይህን ዓይነት ቁጠባ የትኛውም ውድ ሌንስ አይሰጥም።

የወጣው ፎቶ ብዥ ካለም የትኛው ሒሳብ እንደጎደለ ከራሱ ከፎቶው ይነበባል። ፎቶውን በስክሪን አጉሉት። ፎከስ የሳተ ከሆነ ከፊት ወይም ከኋላ የሆነ ነገር ጠርቶ ታገኛላችሁ፤ ልጅቱ ፈዝዛ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ክሩ ሳይቀር ይታያል። እጅ የተንቀጠቀጠ ከሆነ ምንም የጠራ ነገር የለም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር እንኳን ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ጭረት ሆኗል። የተነሳው ሰው ተንቀሳቅሶ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ጠርቶ የልጅቱ እጅ ብቻ ይሟሟል። የመጀመሪያው ቀዳዳውን አጥብብ ወይም ፎከሱን አስተካክል ይላል፤ ሁለቱ ደግሞ ተቃራኒውን፣ ሸተሩን አፍጥን፣ ለዚያም ቀዳዳውን ክፈት ይላሉ። ሳይለዩ ማረም ነገሩን ያባብሳል።

ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ግን ዓለም ሌላ ነው። ብርሃን ሞልቶ ስለተረፈ ጥልቀት ርካሽ ይሆናል። አይኤስኦ 400 አድርጋችሁ በጠራ ፀሐይ በኤፍ 11 ስታነሱ ሸተሩ 1/800 ገደማ ነው፤ እጅም አይንቀጠቀጥም፣ የሚሮጥ ልጅም አይሟሟም። በአሮጌዎቹ ሌንሶች አንገት ላይ ከፎከስ ምልክቱ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀረጹ ቁጥሮች አሉ፤ ወርቅ ናቸው! ቀዳዳውን 11 ላይ አድርጉና፣ የፎከስ ቀለበቱን የማያልቅ ርቀት ምልክቱ ከአንደኛው 11 ጋር እስኪገጥም አዙሩት። በ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ፎከሱ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው 11 ደግሞ አራት ሜትር አካባቢ ያሳያል። ትርጉሙ፦ ከእናንተ ከአራት ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ሁሉም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ፎከስ መንካት የለም፤ ካሜራውን ማንሳትና መጫን ብቻ።

ነገሩ ምን ያህል ድረስ እንደሚለጠጥ ላሳያችሁ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 ያወጣውን ባሪ ሊንደን የተባለ ፊልም ውሰዱ። ታሪኩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሚካሄድ ነውና አንዳንዶቹን ትዕይንቶች በሻማ ብርሃን ብቻ መቅረጽ ፈለገ። የሲኒማ ካሜራ በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያነሳ ለአንዱ ምስል የሚተርፈው 1/50 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ጊዜ ማስረዘም አይቻልም። የቀረው ዋናው መንገድ ቀዳዳውን መክፈት ነው። ኩብሪክ ያገኘው ካርል ዛይስ ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ ከሠራቸው ጥቂት ሌንሶች ውስጥ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 0.7! አካፍሉት፤ ቀዳዳው ከሰባት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ከሌንሱ የፎከስ ርቀት የሰፋ ቀዳዳ ማለት ነው። ሌንሱ ከኋላው ወደ ፊልሙ እጅግ መጠጋት ስለነበረበት ካሜራውን ራሱን ፍቀው ማስተካከል ግድ ሆነ።

ብርሃኑ ተገኘ፤ ዋጋውስ? ሁለት ሜትር ላይ ያለን ሰው በዚህ ሌንስ ብታነሱ፣ በቡናው ላይ በሠራንበት ሒሳብ፣ ጥርት የሚለው ስድስት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ተዋናዩ ወንበሩ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ቢያዘነብል ከፎከስ ወጣ። ስለዚህ የፎከስ ሠራተኛው ዳግላስ ሚልሰም ሌላ የቪዲዮ ካሜራ ከጎን፣ በዘጠና ዲግሪ አስተክሎ፣ ተዋናዩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ በስክሪን ላይ እየተከታተለ ፎከሱን ያዞር ነበር። አሁን ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩ እነዚያ ሰዎች በሻማው ዙሪያ ለምን እንደዚያ ረግተው እንደሚቀመጡ ይገባችኋል። የዘመኑ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ታስረው ነው! የፎቶግራፍ ዳይሬክተሩ ጆን አልኮት በዚህ ሥራ ኦስካር ተሸልሟል።

ከዚህ በተቃራኒው ጫፍ ኤድዋርድ ዌስተን ቆሟል። በ1930 በካሊፎርኒያ አንዲት ቃሪያ በቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ አፍ ውስጥ አስቀምጦ አነሳ፤ ቃሪያ ቁጥር 30 የሚባለው ዝነኛ ፎቶ ነው። ቃሪያዋ ቅርብ፣ ካሜራው ትልቅ፣ ነጌቲቩ 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ስለነበር ጥልቀት እጅግ ውድ ነበር። የቃሪያዋን ጀርባም ሆዷንም አጥርቶ ለማውጣት ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 240 አጠበበው ይባላል። ሌንሱ 210 ሚሊ ሜትር ነበርና ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ያች የመርፌ ቀዳዳችን! ተጋልጦውም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እንደፈጀ ይነገራል። ቃሪያ ግን አይንቀሳቀስም፤ ዌስተን ያለ ስስት የሚከፍለው ጊዜ ነበረው።

ሁለቱን ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጓቸው። ከ0.7 እስከ 240 ያለው ርቀት በብርሃን ሲለካ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ነው። የኩብሪክ ካሜራ በ1/50 ሰከንድ የሚጠጣውን ብርሃን በዌስተን ቀዳዳ ለማግኘት አርባ ደቂቃ ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንዱ የሚንቀሳቀስ ሰውና ሻማ ነበረው፣ ጥልቀቱን ሸጦ ብርሃን ገዛ። ሌላው የማይነቃነቅ ቃሪያ ነበረው፣ ጊዜውን ሸጦ ጥልቀት ገዛ። ሕጉ ግን አንድ ነው!

«እንግዲያው ሁልጊዜ ትራይፖድ ይዤ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ላጥብበው» የሚል ካለ ቆይ! ትልቁን ድንቅ ገና አልነገርኳችሁም። ብርሃን ማዕበል ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ከጠርዙ ይታጠፍና ይሰራጫል። ዲፍራክሽን የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ፍጹም የሆነ ሌንስ፣ ፎከሱ ልክ ሆኖ እንኳን፣ ነጥብን ነጥብ አድርጎ ማሳየት አይችልም፤ ትንሽ ክብ ያደርጋታል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ በ1835 የክቧን መጠን በሒሳብ አገኘው። ለአረንጓዴ ብርሃን ሲሰላ የክቧ አግድመት በማይክሮን የኤፍ ቁጥሩ ሲባዛ በ1.34 ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በኤፍ 8 አሥራ አንድ ማይክሮን ያህል፣ በኤፍ 22 ሠላሳ ማይክሮን ያህል ይሆናል። ሌንሱ ሦስት ሺህ ብር ይሁን ሦስት መቶ ሺህ ለውጥ የለውም፤ ይህን የሚወስነው ፋብሪካው ሳይሆን ብርሃን ራሱ ነው።

ሠላሳ ማይክሮን እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። እላይ የቡናውን ጥልቀት ስናሰላ «ዓይን ነጥብ ነው ብሎ የሚቀበለው» ያልነው ክብ በዚህ ሴንሰር ላይ ልክ ሠላሳ ማይክሮን ነበር። እንግዲህ በኤፍ 22 ምን እንደሚሆን እዩ። ከፊትና ከኋላ ያለው እየጠራ መጥቷል፤ ፎከስ የተደረገበት ቦታ ራሱ ግን እየፈዘዘ ሄዶ ወሰኑ ላይ ደርሷል። ሁሉም ነገር እኩል ሆነ፤ እኩል ጥርት ያለ ሳይሆን እኩል የለዘበ! ከዚህ በኋላ ብታጠቡት ብርሃን መክፈላችሁን ትቀጥላላችሁ፣ የምትገዙት ግን ብዥታ ነው። ከመርፌ ቀዳዳው በጣም የጠበበ ብታበጁ በዓይናችሁም ይህን ታዩታላችሁ፤ ጠርቶ የነበረው ፊደል ተመልሶ ይለሰልሳል።

ታዲያ በ1932 በሳን ፍራንሲስኮ እነ አንሰል አዳምስ፣ ኢሞጀን ከኒንግሃምና ዌስተን ራሱ ለጥርት ያለ ፎቶ ተሟግተው ማኅበራቸውን «ኤፍ 64» ብለው ለምን ሰየሙት? በኤፍ 64 ክቧ ሰማንያ ስድስት ማይክሮን ትሆናለች፤ በኛ ካሜራ ያ ጥፋት ነው። መልሱ ነጌቲቩ ላይ ነው። የነርሱ ነጌቲቭ እንደ ደብተር ገጽ ትልቅ ነበርና ብዙ ጊዜ ሳያጎሉ ወረቀቱ ላይ አስተኝተው ያትሙት ነበር። ሰማንያ ስድስት ማይክሮን የሚሊ ሜትር አሥረኛ እንኳን አይሞላም፤ ዓይን አይለየውም። እኛ ግን የ36 ሚሊ ሜትሩን ምስል ወደዚያው መጠን ለማድረስ ሰባት ጊዜ ማጉላት አለብን፤ ክቧም አብራ ሰባት ጊዜ ታድጋለች። ያው የኤፍ ቁጥር፣ ያው ክብ፣ ለነርሱ ጥራት ለኛ ጭጋግ! ጥራት በሌንሱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ምስሉ ምን ያህል ይጎላል በሚለው ውስጥም ይኖራል። ለጥልቀቱም እንዲሁ ነው፤ በስልክ ስክሪን ሁሉ ጥርት ያለ የሚመስለው የቡናው ፎቶ ግድግዳ ሙሉ ቢታተም ሰባ ስምንት ሳንቲ ሜትሩ ይኮሰምናል።

የስልካችሁ ካሜራ ደግሞ የዚሁ ሒሳብ ሌላ መልክ ነው። ኤፍ 1.8 ተብሎ ሲጻፍ ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌንሱ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብርሃኑ የኤፍ 1.8 ነው፣ የብዥታው ክብ ግን የትንሽ ቀዳዳ። ስለዚህ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉ ይጠራል። ጀርባውን የሚያደበዝዘው የፖርትሬት ምርጫ የሌንስ ሥራ ሳይሆን የስሌት ነው፤ ከጆሮ ዳርና ከጸጉር ጫፍ ላይ ስሌቱ ሲሳሳት የምታዩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ በሁለቱ ብዥታዎች መካከል፣ አንዱ ቀዳዳው ሲሰፋ የሚመጣው፣ ሌላው ሲጠብ የሚመጣው፣ አንድ ጥሩ ቦታ አለ። የእናንተን ሌንስ ቦታ ለማግኘት ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ወጥራችሁ ለጥፉ፤ ማዕዘኖቹም ውስጥ ፊደል ይግባ። ካሜራውን በትራይፖድ ፊት ለፊት አቁሙ፣ አይኤስኦውን 100 ላይ እሰሩ፣ ሸተሩ በሰዓት ቆጣሪ ራሱ ይጫን። ፎከሱን አንዴ አስተካክላችሁ ሳትነኩት በየቁጥሩ አንድ አንድ አንሱ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ሸተሩን በእጥፍ እያስረዘማችሁ። ከዚያ መሃሉንና ማዕዘኑን ሙሉ አጉልታችሁ አወዳድሩ። በሰፊው ቀዳዳ ማዕዘኑ ይፈዝዛል፤ ይህ የሌንሱ የራሱ ጉድለት ነውና ስታጠቡት ይሻሻላል። በብዙ ሌንሶች ከ5.6 እስከ 8 ባለው ላይ ገጹ ሁሉ ቁልጭ ይላል። 16 ላይ መለስለስ ይጀምራል፣ 22 ላይ ደቃቅ ፊደሎች ቀጭን መስመራቸውን ያጣሉ። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ከሆነ ይኸው ለውጥ አንድ ስቶፕ ቀደም ብሎ ይመጣል።

ያን ቁጥር ስታገኙ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ግን አትታሰሩበት። ሻማ ብቻ ካለና ሰው ከተንቀሳቀሰ ቀዳዳውን ክፈቱ፣ ስድስት ሳንቲ ሜትራችሁን የት እንደምታደርጉ ምረጡ፤ ዓይኑ ላይ ይሁን። ቤተሰቡ በሦስት ረድፍ ከቆመ ረድፎቹን አቀራርቡ፣ ከዚያ እስከ 8 አጥብቡ። ከእግራችሁ ሥር ካለው ድንጋይ እስከ ተራራው ጫፍ የግድ መጥራት ካለበት እስከ 16 ሂዱ፣ ትንሿን ልስላሴ ተቀበሉ፤ ጨርሶ የፈዘዘ ድንጋይ ከትንሽ ልስላሴ ይከፋልና። አያችሁ፣ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው! ካሜራው «ራሴ ልምረጥልህ» ሲል የሚመርጠው በአብዛኛው ብርሃኑን ነው፤ ከፎቶው ውስጥ ማን ጥርት ይበል፣ ማን ይደብዝዝ፣ ለዚያስ ስንት ይከፈል የሚለውን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ቀለበቱን የሚያዞረው ሰው ነው። አራት ከፈለገ አሥራ ስድስት ቆጥሮ ያዞራል!